የሐምሌ ዋጋ በማይታወቅበት ጊዜ ስንት ኩንታል እንግዛ? የቁጭት ሠንጠረዥ አሠራር ከነስሌቱ

ታህሣሥ ገብቶ ከቡሬ እስከ መራዊ ያለው በቆሎ ሲፈለፈል የኅብረት ሥራ ማህበር ሥራ አስኪያጅ አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፦ ስንት ኩንታል ገዝቼ እስከ ሐምሌ ላቆይ? መልሱ ያለው በሐምሌ ዋጋ ላይ ነው። የሐምሌን ዋጋ ደግሞ ጥር ላይ ሆኖ የሚያውቅ የለም።

ብዙ ሥራ አስኪያጆች እዚህ ላይ የሚሳሳቱት ማስላት አቅቷቸው አይደለም። ስሌቱ ዕድል ስለሚጠይቅ ብቻ «ዋጋ የመውጣት ዕድሉ 60 በመቶ ነው» ብለው ከየትም ያልመጣ ቁጥር ይጽፋሉ። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ውሳኔ የገበያው ሳይሆን የዚያ ቁጥር ውሳኔ ይሆናል። ይህ መመሪያ ያለዚያ ቁጥር እንዴት እንደሚወሰን፣ ቁጥሩ በእርግጥ የሚያስፈልገው ደግሞ የት ቦታ ላይ እንደሆነ ደረጃ በደረጃ ያሳያል።

## ሁለቱ መንገዶች በአጭሩ

የሚጠበቅ ትርፍ፦ በእያንዳንዱ ሁኔታ የሚገኘውን ትርፍ ሁኔታው በሚከሰትበት ዕድል አባዝተው ይደምራሉ። ድምሩ የበለጠው አማራጭ ይመረጣል። ዕድሉን ካላወቁ መጀመር አይችሉም።

ትልቁን ቁጭት ማሳነስ (ሚኒማክስ ሪግሬት)፦ ቁጭት ማለት አንድ ሁኔታ ከተከሰተ በኋላ «ያን ባደርግ ኖሮ» የሚያሰኘው የብር ልዩነት ነው። ለእያንዳንዱ አማራጭ ሊደርስ የሚችለውን ትልቁን ቁጭት ይፈልጋሉ፤ ከዚያም ትልቁ ቁጭቱ ከሌሎቹ ያነሰውን አማራጭ ይወስዳሉ። ዕድል አይጠይቅም።

በየገበያው ቀን ስንት ባዶ ጆንያ ይዘን እንውጣ ለሚል ጥያቄ የቁጭት ሠንጠረዥ አያስፈልግም። ውሳኔው በየሳምንቱ ይደጋገማል፣ መዝገብ አለ፣ የአንዱ ሳምንት ስህተት በሌላው ይካካሳል፤ ስለዚህ የሚጠበቅ ትርፍ ይበቃል። በዓመት አንድ ጊዜ በብድር የሚደረግ ግዢ ግን እንደዚያ አይደለም። የአሥር ዓመት ዋጋ ቢሰበስቡ እንኳ አሥር ቁጥር ብቻ ነው የሚኖርዎት፤ ዓመቶቹም አይመሳሰሉም። በ1994 ዓ.ም. በቆሎ ተትረፍርፎ ዋጋው ክፉኛ ወደቀ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ድርቅ መጣ። ከእነዚህ ሁለት ዓመታት ተነስቶ ለዘንድሮ በመቶኛ የሚናገር ሰው ግምቱን ቁጥር አልብሶት ነው።

## ከመጀመርዎ በፊት የሚያዘጋጁት

- አንድ ትልቅ ወረቀት ወይም የኮምፒውተር ሠንጠረዥ
- የማህበሩ የመጠባበቂያ ገንዘብ ልክ። ተበድረን እናመጣለን የሚባለው ሳይሆን ቢጠፋ ማህበሩ ሳይዘጋ የሚሸከመው ብር
- የአንድ ኩንታል ሙሉ የማቆያ ወጪ
- የመጋዘኑ አቅም በኩንታል፣ የኪራይ መጋዘን ዋጋም ጭምር
- ሁለት ሰዎች፦ አንድ በቆሎ የሚገዛ የማህበሩ ሠራተኛ እና አንድ የሥራ አመራር ኮሚቴ አባል። ሠንጠረዡን ሥራ አስኪያጁ ብቻውን ከሠራው በስብሰባ ላይ የሚጠይቀው ሁሉ እንደ አዲስ ያስጀምረዋል።

ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት የተወሰዱ ምሳሌዎች ናቸው። በራስዎ ቁጥር ይተኳቸው።

## ደረጃ 1፦ የአንድ ኩንታል ወጪን በትክክል ያውጡ

ስህተት በብዛት የሚገባው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ጊዜ ይስጡት። በምሳሌአችን ጥር ላይ አንድ ኩንታል በ3,000 ብር ይገዛል፣ ሐምሌ ላይ ይሸጣል። በመሀል ያለው ወጪ እንዲህ ነው፦

- የብድር ወለድ፣ በዓመት 16 በመቶ ለ6 ወር፦ 240 ብር
- ጆንያ፦ 60 ብር
- ማጓጓዣ፣ ማስጫኛና ማራገፊያ፦ 80 ብር
- በነቀዝ፣ በአይጥና በመድረቅ የሚጎድል 3 በመቶ፦ 90 ብር
- ጥበቃና የመጋዘን እንክብካቤ፦ 30 ብር

ድምሩ 500 ብር ነው። ስለዚህ በቆሎው ከ3,500 ብር በላይ ካልተሸጠ ትርፍ የለም። «በ3,000 ገዝቼ በ3,400 ሸጥኩ» የሚል ሥራ አስኪያጅ 100 ብር ከስሯል።

ማስጠንቀቂያ። የ3 በመቶው ጉድለት የሚሠራው እህሉ ደርቆ ሲገባ ብቻ ነው። ታህሣሥ መጨረሻ ላይ ገና ያልደረቀ በቆሎ ገበያ ይወጣል። እርጥበቱ 16 በመቶ የሆነ አንድ ኩንታል 13 በመቶ እስኪደርስ ሲደርቅ 96.6 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ነቀዝ ሳይነካው 3.4 ኪሎ፣ በ3,000 ብር ሒሳብ 100 ብር ያህል ጠፋ ማለት ነው። ከዚያ የከፋው ደግሞ ሳይደርቅ ቢከማች ውስጡ ይሞቃል፣ ይሻግታል። የእርጥበት መለኪያ ከሌለዎት ፍሬውን በጥርስ ሰብረው ይሞክሩ፤ ጠንክሮ ካልተሰበረና ከላላ አይግዙ፣ ወይም ዋጋውን ዝቅ አድርገው በሠንጠረዡ ላይ ጉድለቱን ከ3 ወደ 6 በመቶ ከፍ ያድርጉት።

## ደረጃ 2፦ አማራጮቹን ይጻፉ

አማራጭ ማለት እርስዎ የሚያዙበት ነገር ነው። በምሳሌአችን የማህበሩ መጋዘን 1,000 ኩንታል ይይዛል።

- ሀ) ምንም አለመግዛት። መጋዘኑን ለስድስት ወር በ100,000 ብር ማከራየት።
- ለ) 1,000 ኩንታል ገዝቶ በራስ መጋዘን ማቆየት።
- ሐ) 2,000 ኩንታል መግዛት። ግማሹ በኪራይ መጋዘን ስለሚቀመጥ በዚያ ግማሽ ላይ የኩንታሉ ወጪ 100 ብር ጨምሮ 600 ይሆናል።

አማራጭ «ሀ»ን ባዶ አድርገው ዜሮ አይጻፉ። መጋዘኑ ባዶ ቢሆን የሚያስገኘው ኪራይ አለ፤ ያንን ካልጻፉ በቆሎ መግዛት ከእውነቱ የተሻለ ሆኖ ይታያል።

## ደረጃ 3፦ ሁኔታዎቹን ይጻፉ

ሁኔታ ማለት እርስዎ የማያዙበት ነገር ነው። ለእያንዳንዱ ሁኔታ ዋጋው እዚያ የሚደርስበትን ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ ምክንያት መጻፍ ካቃተዎት ሁኔታውን ይሰርዙት።

- ከፍተኛ፣ 4,500 ብር፦ ክረምቱ ዘግይቶ ይገባል፣ ገበሬው ለቤቱ ፈርቶ እህሉን አይለቅም።
- መካከለኛ፣ 3,800 ብር፦ እንደ ወትሮው ሐምሌ ላይ የገበሬው ጎተራ ይሳሳል፣ ዋጋው ቀስ ብሎ ይወጣል።
- ዝቅተኛ፣ 3,100 ብር፦ በወለጋና በጅማ በኩልም ምርቱ ሞልቶ የአዲስ አበባ ነጋዴ ከዚያ ይጭናል።

ሲበላሽ። ኮሚቴው ውስጥ አንድ ሰው «6,000 ቢገባስ?» ይላል። ይህ አንድ አምድ ውጤቱን ምን ያህል እንደሚያንቀሳቅስ በደረጃ 6 ያያሉ፤ የቁጭት ሠንጠረዥ ዳር ላይ ለተቀመጠ ሁኔታ በጣም ይሸነፋል። ስለዚህ ዋጋው እዚያ የሚደርስበትን ምክንያት ተናጋሪውን ይጠይቁት። ገበያውን የሚያውቁት ሁለቱ ሰዎች ምክንያቱን ከተቀበሉት ይግባ፣ ካልተቀበሉት ይቅር። ለሁኔታ መግቢያ የሚሆነው ይሁንታ ይህ ብቻ ነው፤ በመቶኛ አይጠይቁ።

## ደረጃ 4፦ የትርፍ ሠንጠረዡን ይሙሉ

ሁሉም ቁጥር በሺህ ብር ነው። ለምሳሌ «ለ» በከፍተኛ ዋጋ፦ 4,500 ሲቀነስ 3,500 በኩንታል 1,000 ብር፣ በ1,000 ኩንታል 1,000 ሺህ ብር።

| አማራጭ | ከፍተኛ | መካከለኛ | ዝቅተኛ |
|---|---|---|---|
| ሀ) ማከራየት | 100 | 100 | 100 |
| ለ) 1,000 ኩንታል | 1,000 | 300 | −400 |
| ሐ) 2,000 ኩንታል | 1,900 | 500 | −900 |

ያለፈ ወጪ እዚህ አይግባ። ባለፈው ዓመት የታደሰው የመጋዘን ጣሪያ የቱንም ቢመርጡ ተከፍሏል።

## ደረጃ 5፦ ማህበሩን የሚዘጋውን አማራጭ አሁኑኑ ይሰርዙ

የየረድፉን ትልቁን ኪሳራ ከመጠባበቂያው ጋር ያስተያዩ። በምሳሌአችን መጠባበቂያው 1,000 ሺህ ብር ነው፤ «ሐ» በክፉ ቀን 900 ሺህ ያከስራል፣ ስለዚህ ለጥቂት ያልፋል።

ይህ ደረጃ ከቁጭት ስሌቱ በፊት የሚመጣበት ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው፣ ቁጭት ልዩነትን እንጂ የኪሳራውን መጠን አያይም፤ የሚዘጋዎትን ውሳኔ ሊመርጥልዎት ይችላል። ሁለተኛው ምክንያት ብዙ ሰው አያውቀውም፦ የማይሆን አማራጭ በሠንጠረዡ ውስጥ ከተቀመጠ፣ እሱ ባይመረጥም የሌሎቹን ደረጃ ያገለባብጣል። ኸርማን ቸርኖፍ ይህን የዘዴውን ድክመት በ1954 እ.ኤ.አ. ጠቁሞታል። በምሳሌአችን እንዴት እንደሚሆን ከደረጃ 6 ቀጥሎ ይታያል።

## ደረጃ 6፦ የቁጭት ሠንጠረዡን ይሥሩ

1. በእያንዳንዱ አምድ ከላይ እስከ ታች ትልቁን ቁጥር ያክብቡ። በምሳሌአችን 1,900፣ 500 እና 100 ናቸው።
2. በዚያው አምድ ካለው ከተከበበው ቁጥር ላይ እያንዳንዱን ቁጥር ይቀንሱ።
3. በእያንዳንዱ ረድፍ ትልቁን ቁጭት በስተቀኝ ይጻፉ።
4. በስተቀኝ ካሉት ውስጥ ትንሹን ይምረጡ።

| አማራጭ | ከፍተኛ | መካከለኛ | ዝቅተኛ | ትልቁ ቁጭት |
|---|---|---|---|---|
| ሀ | 1,800 | 400 | 0 | 1,800 |
| ለ | 900 | 200 | 500 | 900 |
| ሐ | 0 | 0 | 1,000 | 1,000 |

«ለ» ተመረጠ። ሁለት ማረጋገጫ ይያዙ፦ በየአምዱ ቢያንስ አንድ ዜሮ መኖር አለበት፣ አሉታዊ ቁጥር ደግሞ የትም ሊኖር አይችልም። ዜሮ የሌለበት አምድ ካለ በአምድ ፈንታ በረድፍ ቀንሰዋል ማለት ነው፤ ይህ ስህተት ከሁሉም ይበዛል። ኪሳራ ሲቀነስ ምልክቱን ይጠንቀቁ፦ 100 ሲቀነስ −400 የሚሆነው 500 ነው፣ −300 አይደለም።

አሁን የ6,000 ብሩን አምድ ቢጨምሩ «ሀ» 100፣ «ለ» 2,500፣ «ሐ» 4,900 ያስገኛል። የ«ለ» ቁጭት 2,400 ይደርሳል፣ የ«ሐ» ግን እዚያው 1,000 ላይ ይቀራል። ውሳኔው ከ1,000 ኩንታል ወደ 2,000 ዘለለ። በደረጃ 3 ምክንያት ይጠየቅ የተባለው ለዚህ ነው።

### የማይሆን አማራጭ ሲገባ የሚያደርሰው

አንድ ሰው «3,000 ኩንታልም እንጻፍ፣ ለማየት ያህል ነው» ይላል። ሦስተኛው ሺህ ከሩቅ መጋዘን ስለሚቀመጥ ወጪው 700 ብር ነው እንበል። ረድፉ 2,700፣ 600 እና −1,500 ይሆናል። የአምዶቹ ትልልቅ ቁጥሮች ስለሚቀየሩ ትልልቆቹ ቁጭቶች እንዲህ ይሆናሉ፦ ሀ 2,600፣ ለ 1,700፣ ሐ 1,000፣ አዲሱ 1,600።

አሁን የተመረጠው «ሐ» ነው! በ«ለ» እና በ«ሐ» ውስጥ አንዲት ብር አልተቀየረችም። የተቀየረው ቁጭቱ የሚለካበት ነጥብ ነው። 3,000 ኩንታል 1,500 ሺህ ሊያከስር ስለሚችል መጠባበቂያው አይሸከመውም፤ ማድረግ የማይችሉትን ነገር ባለማድረግዎ ሊቆጩ አይገባም። ይሰረዝ፣ ከተሰረዘም በኋላ ሠንጠረዡ ከመጀመሪያው አምድ ጀምሮ እንደገና ይሠራ። ረድፉን ብቻ ሰርዘው የድሮዎቹን ቁጭቶች ማስቀረት አይቻልም።

## ደረጃ 7፦ በመሀል ያለውን መጠን ይፈልጉ

የተመረጠውና ከሱ ቀጥሎ ያለው አማራጭ ቁጭታቸው ከተቀራረበ (እዚህ 900 እና 1,000) የተሻለው መልስ አብዛኛውን ጊዜ በመካከላቸው ነው። ከ1,000 በላይ በሚገዛ እያንዳንዱ 100 ኩንታል የከፍተኛው ዋጋ ቁጭት በ90 ሺህ ይቀንሳል፣ የዝቅተኛው ዋጋ ቁጭት በ50 ሺህ ይጨምራል። ሁለቱ እስኪገናኙ ይቁጠሩ፦

| ኩንታል | ቁጭት በከፍተኛ | ቁጭት በዝቅተኛ |
|---|---|---|
| 1,000 | 900 | 500 |
| 1,100 | 810 | 550 |
| 1,200 | 720 | 600 |
| 1,300 | 630 | 650 |
| 1,400 | 540 | 700 |

የሚገናኙት 1,300 አካባቢ ነው፤ ትልቁ ቁጭት ከ900 ሺህ ወደ 650 ሺህ ወረደ። በመካከለኛው ዋጋ ያለው ቁጭት 140 ሺህ ብቻ ስለሆነ አያሳስብም። በክፉ ቀን የሚደርሰው እውነተኛ ኪሳራ ደግሞ 550 ሺህ ነው፣ ከመጠባበቂያው በጣም ያነሰ።

በመሀል ያለ መጠን መጨመር እንደ 3,000ው አያገለባብጥም፤ በየትኛውም አምድ ትልቁን ቁጥር ስለማይዝ መለኪያውን አይነካም። ስለዚህ በነፃነት ይሞክሩ። የኪራይ መጋዘኑን በሙሉ እንጂ በከፊል አናከራይም ካሉዎት ግን የ100 ብሩ ጭማሪ በኩንታል መሆኑ ይቀርና ሙሉው 100 ሺህ ብር በ1,300 ኩንታሉም ላይ ይወድቃል። ያኔ ስሌቱን በዚያ ይሥሩት።

## ደረጃ 8፦ የሚጠበቀውን ትርፍ እንደ መፈተኛ ይጠቀሙበት

የዕድል ቁጥር የሌለው ሰው «ሁሉንም እኩል ላድርገው» ይላል። ሲያደርገው «ሀ» 100፣ «ለ» 300፣ «ሐ» 500 ይመጣና «ሐ» ያሸንፋል። ይህ ግን ምንም ያልገመተ ሰው ስሌት አይደለም፤ አምዶቹ በተከፋፈሉበት መንገድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ዋጋ ዝቅ የሚልበትን ምክንያት በሦስት ከፍለው ቢጽፉት (የወለጋና የጅማ ምርት፣ ከውጭ የገባ እህል፣ ነጋዴውን ያስቀረ የመንገድ መዘጋት) እና ሦስቱም 3,100 ላይ ቢያርፉ፣ አምስት አምድ ይሆናል። አሁን በእኩል ዕድል «ሀ» 100፣ «ለ» 20፣ «ሐ» ደግሞ 60 ሺህ ኪሳራ። ከመጀመሪያ ወደ መጨረሻ ወረደ፤ ያደረግነው አንድን ነገር በሦስት ስም መጥራት ብቻ ነው። የቁጭት ሠንጠረዡን ቢያዩት አንድም ነገር አይነቃነቅም፤ የተደገመ አምድ ትልቁን ቁጭት አይለውጥም።

ዕድሉን ከመገመት ይልቅ ውሳኔው የሚገለበጥበትን ዕድል ያስሉ። በምሳሌአችን አንድ ኩንታል መጨመር በከፍተኛ 900 ብር ያተርፋል፣ በመካከለኛ 200፣ በዝቅተኛ 500 ያከስራል። (በመጀመሪያው ሺህ ላይ የቀረው ኪራይም፣ በሁለተኛው ሺህ ላይ የተከፈለው ኪራይም በኩንታል 100 ብር ስለሆነ ለሁለቱም ያው ነው።)

- ዋጋ ዝቅ ካላለ ሁልጊዜ መካከለኛ ነው ብለው ቢያስቡ፦ 200 ለ500 ነው፤ 500 ኪሳራ እንዲካካስ የዝቅተኛው ዕድል ከ100 ከ28.6 መብለጥ የለበትም።
- ዋጋ ዝቅ ካላለ ሁልጊዜ ከፍተኛ ነው ብለው ቢያስቡ፦ 900 ለ500 ነው፤ ድንበሩ 64.3 ይሆናል።
- ግማሽ በግማሽ ቢሆን ድንበሩ 52 አካባቢ ነው።

አሁን ለገዢ ሠራተኛውና ለኮሚቴው አባል የሚቀርበው ጥያቄ «ዕድሉ ስንት ነው?» አይደለም። «እንደዚህ ካሉ 100 ዓመታት ውስጥ ሐምሌ ላይ በቆሎ ከ3,500 በታች የሚሸጥባቸው ከ28 ያነሱ ናቸው ብለህ ትምላለህ? ወይስ ከ65 የበለጡ ናቸው ብለህ ትምላለህ?» ነው። ሰው ትክክለኛውን ቁጥር ባያውቅም ይህን መመለስ ይችላል።

መልሱን እንዲህ ይጠቀሙበት፦

- ሁሉም ከ28 ያነሰ ካሉ የሚጠበቀው ትርፍ ይሠራል፤ «ሐ»ን ይውሰዱ።
- ሁሉም ከ65 የበለጠ ካሉ እንዲሁ ይሠራል፤ «ሀ»ን ይውሰዱ፣ መጋዘኑን ያከራዩ።
- መሀል ላይ ከሆነ ወይም ካልተስማሙ የሚጠበቀው ትርፍ አይመራዎትም፤ በደረጃ 7 የወጣውን 1,300 ኩንታል ይያዙ።

ሦስተኛው ላይ ለምን እንደማይመራ በደንብ ይመልከቱት። በዚህ ሠንጠረዥ ድንበሩ 52 ላይ ከሆነ፣ 51 ብለው የጻፉ ሰው 2,000 ኩንታል ይገዛል፣ 54 ብለው የጻፉ ሰው አንድም ኩንታል አይገዛም። በመሀል የሚቆም ነገር የለም፤ ትርፉ ከኩንታሉ ጋር በቀጥታ ስለሚያድግ የሚጠበቀው ትርፍ ሁልጊዜ ጫፍ ይመርጣል። ማንም ሰው ስለ ሐምሌ ገበያ 51ን ከ54 መለየት አይችልም። ልንለየው በማንችለው ልዩነት ላይ ስድስት ሚሊዮን ብር ማንጠልጠል ተገቢ አይደለም።

የተለመደ ስህተት። አንዳንዱ በቁጭት ሠንጠረዡ ላይ ዕድል አባዝቶ አማካይ ቁጭት ያወጣና ሦስተኛ አስተያየት ያገኘ ይመስለዋል። አላገኘም። በእኩል ዕድል አማካይ ቁጭቶቹ 733፣ 533 እና 333 ናቸው፤ በየረድፉ የሚጠበቀውን ትርፍ ቢደምሩባቸው ሁሉም 833 ይመጣሉ። አማካይ ቁጭቱ ያነሰው ምንጊዜም የሚጠበቅ ትርፉ የበለጠው ነው። ያው ስሌት በሌላ ልብስ ነው።

## ደረጃ 9፦ ለኮሚቴው ሲያቀርቡ

ሁለቱን ሠንጠረዦች ጎን ለጎን ያቅርቡ፤ የቁጭቱን ብቻ አያሳዩ። የቁጭት ሠንጠረዥ ላይ «ሐ» በዝቅተኛ ዋጋ 1,000 ይላል፣ «ሀ» በከፍተኛ ዋጋ 1,800 ይላል። ሳያስተውል ያየ ሰው «ሀ» የበለጠ ያከስራል ብሎ ይወጣል። «ሀ» አንድ ብር አያከስርም፤ 1,800ው ያልተገኘ ትርፍ ነው። «ሐ» ግን ከባንክ የመጣ 900 ሺህ ብር ያጠፋል።

እዚህ ላይ አንድ አባል «ያልተገኘ ትርፍና የጠፋ ገንዘብ ለእኛ እኩል አይደሉም» ቢል ትክክል ነው፣ አይከራከሩት። የቁጭት ዘዴ ሁለቱን በአንድ ሚዛን ያስቀምጣል። አባላቱ እህላቸውን በዱቤ ያስረከቡበት ማህበር ከሆነ የጠፋው ይከብዳል። መፍትሔው በደረጃ 5 ያለውን የኪሳራ ጣሪያ ዝቅ ማድረግ ነው። ጣሪያው ከ1,000 ወደ 500 ሺህ ቢወርድ፣ ከ1,200 ኩንታል በላይ ያለው ሁሉ ይሰረዛል። ከዚያ አምዶቹን እንደገና አክብበው ይሥሩ፤ ትልቁ አማራጭ 1,200 ስለሚሆን (1,180፣ 340፣ −500) መለኪያውም ይወርዳል። ሚዛኑ የሚገናኘው ከፍተኛው ዋጋ ላይ በእያንዳንዱ ኩንታል 900፣ ዝቅተኛው ላይ 500 ስለሆነ 770 ኩንታል አካባቢ ነው።

በቃለ ጉባኤው ላይ ሦስት ነገር ይጻፍ፦ የተሰረዙት አማራጮችና ምክንያታቸው፣ የእያንዳንዱ ሁኔታ ምክንያት፣ በደረጃ 8 ለቀረበው ጥያቄ እያንዳንዱ ሰው የሰጠው መልስ። ሐምሌ ላይ ዋጋው ከፍ ቢል «ለምን 2,000 አልገዛህም?»፣ ዝቅ ቢል «ለምን ገዛህ?» የሚል ሰው ይነሳል፤ ቃለ ጉባኤው ያኔ ይነበባል።

## ግዢው ከተጀመረ በኋላ

1,300ውን በአንድ ሳምንት አይጨርሱት። የራስ መጋዘኑን 1,000 ጥር ላይ ይሙሉ፣ የኪራዩን 300 የካቲት አጋማሽ ላይ ይግዙ። በዚያ ጊዜ ከወለጋና ከጅማ የሚጫነው ምን ያህል እንደሆነ ከሹፌሮችም ከነጋዴዎችም ይሰማል። የመግዣው ዋጋ ከ3,000 ወደ 3,200 ከወጣ የድሮው ሠንጠረዥ አይሠራም፤ በየሁኔታው ካለው ትርፍ ላይ ለተቀሩት 300 ኩንታል 200 ብር ይቀንሱ፣ የወለዱን 16 ብርና የጉድለቱን 6 ብር ጭማሪም አይርሱ፣ ከዚያ ደረጃ 4ን እና ደረጃ 6ን ለእነዚያ 300 ብቻ እንደገና ይሥሩ። በዚህ ዋጋ ዝቅተኛው ላይ በኩንታል ከ700 ብር በላይ ይከስራል፣ መካከለኛው ላይ ደግሞ 22 ብር ኪሳራ ይሆናል፤ የኪራይ መጋዘኑን ውል ከመፈረምዎ በፊት ይህን ማየት አለብዎት።